አድሬናሊን፣ ኖርአድሬናሊን፣ ዶፓሚንና ዶቡታሚን፦ ከመርፌ በኋላ የወደቀ ሕመምተኛ የትኛውን ይፈልጋል?

በመቂ፣ በባቱ፣ በወለንጪቲ ወይም በመተሐራ ጤና ጣቢያ መርፌ በሚወጋበት ክፍል ውስጥ ከሚፈሩ ነገሮች አንዱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ወጣት በየአራት ሳምንቱ ይህን መርፌ መውሰድ ይኖርበታል። ሆኖም መርፌው ሰው ይገድላል የሚለው ፍርሃት ባለሙያውን እንዲያመነታ፣ አንዳንዴም ሕመምተኛውን ሳይወጋ እንዲመልስ ያደርገዋል። ፍርሃቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ነገር ግን ከመርፌ በኋላ የሚወድቅ ሰው ሁሉ በአንድ ምክንያት አይወድቅም፤ ምክንያቱ ሲለይ ደግሞ የሚያስፈልገው መድኃኒት አብሮ ይለያል። በድንገተኛ መድኃኒት ሣጥን ውስጥ ያለው አድሬናሊን፣ አዳማ ከደረሱ በኋላ የሚገኙት ኖርአድሬናሊን፣ ዶፓሚንና ዶቡታሚን የአንድ ቤተሰብ አባላት ቢሆኑም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ልዩነታቸው ያለው በሚነኳቸው ተቀባዮች ላይ ነው።

ተቀባዮቹ

አሜሪካዊው የፋርማኮሎጂ ሊቅ ሬይመንድ አልኩዊስት እ.ኤ.አ. በ1948 እነዚህ ንጥረ ነገሮች የሚሠሩባቸውን ተቀባዮች አልፋና ቤታ ብሎ ለሁለት ከፈላቸው። ቤታ ቆይቶ ቤታ 1 እና ቤታ 2 ተብሎ ተከፈለ። ለአልጋ ዳር ሥራ በዋነኛነት የሚያስፈልጉት ሦስቱ ናቸው።

አልፋ 1 በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይገኛል። ሲነቃ ሥሩን ያጠብባል፤ ስለዚህ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ያበጠ የጉሮሮና የአየር ቧንቧ ሽፋንም ይቀንሳል። ቤታ 1 የልብ ነው፤ ልብ ፈጥኖና በርትቶ እንዲመታ ያደርጋል። ቤታ 2 በሳንባ ቧንቧዎች ጡንቻ ላይ ሲነቃ ቧንቧው ይሰፋል፤ በአጥንት ጡንቻ ደም ሥሮች ላይ ሲነቃ ግን ሥሩን አስፍቶ ግፊትን በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል። ቤታ 2 ሌላም ሥራ አለው፤ ማስት ሴል የተባሉት ሕዋሳት ሂስታሚንና መሰሎቹን ማፍሰሳቸውን እንዲገቱ ያደርጋል። በአናፊላክሲስ ጊዜ በሽታውን ከምንጩ የሚነካው ይህ የመጨረሻው ሥራ ስለሆነ በተለይ ሊታወስ ይገባዋል።

አድሬናሊን ሦስቱንም ይነካል። ኖርአድሬናሊን አልፋ 1ን በኃይል፣ ቤታ 1ን በመጠኑ ይነካል፤ ቤታ 2ን ግን እምብዛም አይነካም። ስለዚህ የሰፋ ደም ሥርን ለማጥበብ ጥሩ ነው፤ የጠበበ የአየር ቧንቧን ግን አይከፍትም። ዶቡታሚን በዋነኛነት የቤታ 1 መድኃኒት ሲሆን ቤታ 2ንም በመጠኑ ስለሚነካ ልብን እያበረታ ደም ሥርን ያሰፋል። ዶፓሚን እንደ መጠኑ ጠባዩን ይለውጣል፤ በዝቅተኛ መጠን የኩላሊትና የአንጀት ሥሮች ላይ ያሉትን የራሱን ተቀባዮች፣ በደቂቃ በኪሎግራም ከ5 እስከ 10 ማይክሮግራም አካባቢ ቤታ 1ን፣ ከ10 በላይ ደግሞ አልፋ 1ን ይነካል። ይህ አከፋፈል በመጽሐፍ ላይ ንጹሕ መስሎ ይታያል። በሕመምተኛ ላይ ግን ወሰኖቹ ይደበላለቃሉ፤ በአንድ መጠን የአንዱ ልብ ሲፈጥን የሌላው ሥር ይጠብባል።

አናፊላክሲስ፦ ሁሉም በር በአንድ ጊዜ ሲከፈት

አንዲት የ24 ዓመት ወጣት፣ ክብደቷ 50 ኪሎግራም፣ የማይትራል ክፍተት መጠነኛ መፍሰስ ያለባት፣ በመቂ አንድ ጤና ጣቢያ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተወጋች እንበል። ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ መዳፏንና የእግሯን ውስጥ ያሳክካታል፤ ድምፅዋ ይጎረንናል፤ ደረቷና ሆዷ ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ ስትተነፍስ ሲርሲር የሚል ድምፅ ይሰማል። የልብ ምቷ በደቂቃ 132፣ የደም ግፊቷ 70 በ40፣ የኦክስጅን መጠኗ 88 በመቶ ነው።

በዚህች ወጣት አካል ውስጥ ደም ሥሮች ሰፍተዋል፤ ግድግዳቸው ስለላላም ፈሳሹ ወደ ሥጋዋ እየወጣ ነው፤ የአየር ቧንቧዋ ጠብቧል፤ ማስት ሴሎቿም ገና ማፍሰሳቸውን አላቆሙም። ሥር የሚያጠብብ አልፋ 1፣ ልብን የሚደግፍ ቤታ 1፣ ቧንቧን የሚከፍትና ፍሰቱን የሚገታ ቤታ 2 በአንድ ጊዜ ያስፈልጓታል። ሦስቱን በአንድ መርፌ የሚሰጠው አድሬናሊን ብቻ ነው። ኖርአድሬናሊን ግፊቷን ቢያነሣ ቧንቧዋን አይከፍትም። ዶቡታሚን የሰፋውን ሥር ጨምሮ ስለሚያሰፋው ሊጎዳት ይችላል። ሃይድሮኮርቲዞን ሥራውን የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ነው። ፀረ ሂስታሚን ማሳከክን ከማስታገስ አልፎ ግፊትን አያነሣም፣ ጉሮሮንም አይከፍትም። በተግባር ግን እጅ መጀመሪያ የሚያነሣው ሃይድሮኮርቲዞንን መሆኑ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ምናልባት የማይጎዳ ስለሚመስል ይሆናል። የሚጎዳው ግን በሚወስደው ጊዜ ነው።

መጠኑ በኪሎግራም 0.01 ሚሊግራም ሲሆን ለአዋቂ ከ0.5 ሚሊግራም አይበልጥም። አንድ ሚሊሊትር አምፑል ውስጥ አንድ ሚሊግራም ስላለ ለዚህች ወጣት ግማሽ ሚሊሊትር ይበቃል። ሳይበረዝ፣ ከጭኗ መሐል በውጪው ጎን፣ ወደ ጡንቻ ይወጋል። ከቆዳ ሥር የመውጋት የቆየ ልማድ አሁንም አልጠፋም፤ ሊተው ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 በሕፃናት ላይ በተደረገ ጥናት በጭን ጡንቻ የተሰጠው አድሬናሊን በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የደረሰው በአማካይ በ8 ደቂቃ ሲሆን ከቆዳ ሥር የተሰጠው 34 ደቂቃ ፈጅቶበታል። ምክንያቱም ከተቀባዩ ጋር ይያያዛል፤ መድኃኒቱ በአልፋ 1 በኩል የቆዳውን ሥሮች ስለሚያጠብብ የራሱን መንገድ ራሱ ይዘጋል። በጭን ጡንቻ ውስጥ ግን ቤታ 2 ሥሮቹን ስለሚያሰፋ ቶሎ ይሰራጫል።

ወጣቷ በጀርባዋ ትተኛ፣ እግሯም ከፍ ይበል። መተንፈስ ካስቸገራት ከወገቧ በላይ ቀና ልትል ትችላለች፤ ነገር ግን መቆምና ወደ ሌላ ክፍል መራመድ የለባትም። ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ባነሰበት ሰዓት ድንገት መነሣት ልብን ባዶ ያስቀረዋል፤ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሞቱ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ኦክስጅን ይሰጣት። ወፍራም መርፌ በክንዷ ተተክሎ አንድ ሊትር ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን በፍጥነት ይጀመርላት። የልብ ክፍተት ችግር ስላለባት በየ250 ሚሊሊትሩ የሳንባዋ ሥር ሊደመጥ ይገባል።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግፊቷ 78 በ46 ብቻ ከሆነ ያው ግማሽ ሚሊሊትር በሌላው ጭኗ ይደገማል። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ አምስት ደቂቃ አልፎ ግፊቷ 84 በ50 ላይ ቆሞ፣ ሲርሲርታውም ካልለቀቃት፣ በደም መልስ ሥር በጠብታ ወደ መስጠት ይታለፋል። የጠብታው ዝግጅት እስኪያልቅ ሦስተኛውን የጡንቻ መርፌ መስጠት ይቻላል።

ኤሌክትሪክ ፓምፕ በሌለበት ጤና ጣቢያ ስሌቱ ቀላል መሆን አለበት። አንድ ሚሊግራም አድሬናሊን በ500 ሚሊሊትር ኖርማል ሳላይን ውስጥ ሲጨመር በእያንዳንዱ ሚሊሊትር 2 ማይክሮግራም ይገኛል። የተለመደው የጠብታ ቱቦ በ20 ጠብታ አንድ ሚሊሊትር የሚያወርድ ከሆነ (በማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይገኛል) አሥር ጠብታ አንድ ማይክሮግራም ማለት ነው። ለዚህች ወጣት በኪሎግራም በደቂቃ 0.05 ማይክሮግራም ሲጀመር 2.5 ማይክሮግራም፣ ማለትም በደቂቃ 25 ጠብታ ይሆናል። በየሦስትና አምስት ደቂቃው ግፊቷ እየተለካ ወደ 50 ጠብታ ሲደርስ ግፊቷ 104 በ62፣ ምቷ 116 ሆነ እንበል። እዚያ ላይ ይቆማል። በዚህ ፍጥነት ከረጢቱ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚቆይ በሞጆ በኩል አዳማ እስክትደርስ ይበቃታል። ይህ ከረጢት በቀይ እስክሪብቶ ይጻፍበት፤ ከሪንገሩም ጋር በአንድ መስመር አይገናኝ፤ ሪንገሩ በተፋጠነ ቁጥር አድሬናሊኑም አብሮ ይገፋልና።

እጅግ አደገኛው ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ልቡ ለቆመ ሰው የሚሰጠውን አንድ ሚሊግራም አምፑል፣ ልቡ ለሚመታ ሰው በቀጥታ ወደ ደም መልስ መግፋት የልብ ምት መዛባት፣ እጅግ ከፍተኛ ግፊትና የሳንባ ውኃ መቋጠር ሊያስከትል ይችላል። ምልክቱ ወዲያው ይታያል፤ ሕመምተኛዋ ደረቷን ትይዛለች፣ ፊቷ ይገረጣል፣ ምቷ ይዘባረቃል፣ ግፊቷ ከ200 ሊያልፍ ይችላል። የጡንቻው መርፌ የሚመረጠው በጤና ጣቢያ ደረጃ ሌላ መንገድ ስለሌለ ሳይሆን ደኅንነቱ ስለሚበልጥ ነው።

አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፤ አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል ትወስዳለች ወይ? በሩማቲክ የልብ ሕመም ክሊኒክ ይህ የተለመደ ነው። ቤታ ተቀባዮች ሲዘጉ ከአድሬናሊን ሥራ የሚቀረው አልፋው ብቻ ይሆናል፤ ግፊት ይነሣ ይሆናል እንጂ ልብ አይፈጥንም፣ ቧንቧም አይከፈትም። አድሬናሊኑ አይተውም፤ ነገር ግን መልሱ ደካማ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን እንደሚችል ይታሰብ። ግሉካጎን ያለ ቤታ ተቀባይ ልብን ስለሚያነቃቃ፣ በሚገኝበት ሆስፒታል ከ1 እስከ 5 ሚሊግራም በዝግታ ወደ ደም መልስ ይሰጣል።

ከሁለት በላይ መርፌ ያስፈለጋት ሕመምተኛ ቢያንስ ለ12 ሰዓት በክትትል ትቆይ፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና።

አናፊላክሲስ ያልሆነው ውድቀት

እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣው ማሳሰቢያ የብዙዎችን ግምት ቀይሯል። ከቤንዛቲን ፔኒሲሊን በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ከሞቱት የሩማቲክ የልብ ሕመምተኞች መካከል ብዙዎቹ የሞቱት በአለርጂ ሳይሆን የታመመው ልባቸው የመርፌውን ሕመምና ፍርሃት መቋቋም አቅቶት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳል። ስለዚህ ከባድ የክፍተት መጥበብ ወይም መፍሰስ፣ ወይም የልብ መድከም ምልክት ያላቸው ሕመምተኞች ከመርፌ ይልቅ የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብላቸው ይመክራል። ይህ ምክር የሚመለከተው ከባድ ሕመም ያላቸውን ነው፤ ቀላል ሕመም ላለባቸው መርፌው እንደ ቀድሞው ተመራጭ ነው።

በወንበር ላይ ተቀምጦ የተወጋ ወጣት ገርጥቶ፣ ቀዝቃዛ ላብ አልቦት ቢወድቅ፣ ምቱም በደቂቃ 44 ቢሆን፣ ሽፍታም ሲርሲርታም ባይኖረው፣ ይህ የነርቭ ተራ መዝለፍለፍ ነው። ይተኛ፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ ልቡ ጤነኛ ከሆነ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይመለሳል። ምቱ ከተንሸራተተ አትሮፒን አለ። ልቡ በጽኑ የታመመ ሰው ግን ከዚህ መዝለፍለፍ ላይመለስ ይችላል። መርፌው ተኝቶ እንዲወጋ፣ ውኃ ጠጥቶና በልቶ እንዲመጣ፣ ሕመሙም በሊዶካይን እንዲቀንስ የሚደረገው ለዚህ ነው።

የማይትራል ክፍተቱ እጅግ የጠበበ ሰው ደግሞ ሌላ ነው። ከላይኛው የልብ ክፍል ወደ ታችኛው ደም የሚወርደው ልብ በሚያርፍበት ጊዜ ነው፤ ምት ሲፈጥን ዕረፍቱ ያጥራል፣ ደሙ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ሕመምተኛው ከመርፌው በፊትም ትንፋሽ ያጥረው ነበር፤ አሁን እጁና እግሩ ቀዝቅዟል፣ የአንገቱ ሥር ተነፍቷል፣ ሳንባው ሥር የርጥበት ድምፅ ይሰማል። ለዚህ ሰው ቤታ 1ን የሚያነቃቃ መድኃኒት ሁሉ ጠንቅ አለው። ዶፓሚንና ዶቡታሚን ምቱን አፍጥነው ያባብሱበታል። ግፊቱ እጅግ ከወረደ በአንጻሩ የሚሻለው አልፋው የሚበረታው ኖርአድሬናሊን ነው፤ ከእሱም ጋር ምቱን ማዘግየትና አዲስ የምት መዛባት ካለ ማስተካከል ይገባል። ከባድ የክፍተት መጥበብ ሳይኖር ጡንቻው ለደከመ፣ ግፊቱ ግን እጅግ ላልወረደ ልብ ደግሞ ዶቡታሚን ይሆናል፤ በኪሎግራም በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ማይክሮግራም ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል።

ምክንያቱ ካልለየስ? ሽፍታ ያለመኖሩ ብቻ አናፊላክሲስን አያስቀርም፤ ከአሥር ሕመምተኞች በአንዱ ወይም በሁለቱ የቆዳ ምልክት አይታይም። ምት ፈጣን፣ ግፊት የወረደ፣ ትንፋሽም የታፈነ ከሆነ ግማሽ ሚሊሊትር አድሬናሊን በጭን ይሰጥ። በልብ ሕመምተኛ ላይ ይህ መርፌ የሚያደርሰው ጉዳት አናፊላክሲስን ሳያክሙ ከመተው እጅግ ያነሰ ነው።

ከአዳማ በኋላ፦ የኢንፌክሽን ሾክ

በሆስፒታሉ የሕሙማን ክፍል ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ግን አናፊላክሲስ ሳይሆን ከሳንባ ምች፣ ከሽንት መሥመር ወይም ከወሊድ በኋላ ከሚነሣ ኢንፌክሽን የሚመጣ ሾክ ነው። በዚህ ጊዜ ዋናው ጥፋት የደም ሥር መስፋት በመሆኑ አልፋ 1 የሚበረታበት ኖርአድሬናሊን ተመራጭ ነው፤ የሚፈለገው አማካይ ግፊት 65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ማዕከላዊ መስመር እስኪተከል ሳይጠበቅ በክንድ ደም መልስ እንዲጀመር ይፈቅዳል።

ዶፓሚን ለረጅም ዘመን የዚህ ሾክ መድኃኒት ሆኖ ኖሯል፤ ኩላሊትን ያድናል ተብሎም በዝቅተኛ መጠን ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 328 ሕመምተኞች የተካፈሉበት ጥናት ይህ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። ሽንት ትንሽ ሊጨምር ይችላል፤ ኩላሊቱ ግን አልዳነም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመውና 1679 ሕመምተኞችን ያነጻጸረው ጥናት ደግሞ በሞት ላይ ጉልህ ልዩነት ባያገኝም፣ የልብ ምት መዛባት በዶፓሚን 24.1 በመቶ፣ በኖርአድሬናሊን 12.4 በመቶ መሆኑን አረጋግጧል። ምክንያቱ ለሥር ማጥበብ ተብሎ የተጨመረው ዶፓሚን ቤታ 1ንም አብሮ ስለሚገፋ ነው።

ለዚህ አካባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ማስረጃ ከዛምቢያ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የሉሳካ ጥናት ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት፣ ግፊት ካልተነሣም ዶፓሚን የሚያዝዝ ሥርዓት ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲያነጻጽር በሥርዓቱ የታከሙት 48.1 በመቶ፣ በተለመደው የታከሙት 33 በመቶ ሞተዋል። ጥፋቱን ለዶፓሚን ብቻ ማሸከም አይቻልም፤ አብዛኞቹ ሕመምተኞች የኤችአይቪ ቫይረስ ነበረባቸው፤ የመተንፈሻ መሣሪያም እንደልብ አልነበረም። ቢሆንም መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል ሳንባ ሳይደመጥ ሊትር በሊትር ላይ መጨመር እንደሚያስከፍል ያሳያል።

ኖርአድሬናሊን ከሌለስ? አድሬናሊን ከላይ በተገለጸው የጠብታ ስሌት ሊተካው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱን ያነጻጸረ ጥናት የታሰበውን ግፊት በማስገኘት ረገድ ልዩነት አላየም። ሆኖም አድሬናሊን በቤታ 2 በኩል የላክቴትና የስኳር መጠንን ያሳድጋል፤ ምትንም ያፈጥናል። ስለዚህ ላክቴት ከፍ ማለቱ ብቻ ሕመሙ ተባብሷል ለማለት አይበቃም፤ የሽንት መጠን፣ የጣት ጫፍ ደም መመለሻ ጊዜና የንቃተ ኅሊና ሁኔታ የተሻለ ይናገራሉ። በኖርአድሬናሊን ግፊቱ ተነሥቶ ሳለ እጅና እግር ከቀዘቀዘ፣ ሽንትም ካልመጣ፣ የልብ ጡንቻ መድከሙን በአልትራሳውንድ ማየትና ዶቡታሚን መጨመር ይታሰባል። ዶቡታሚን ያለ ኖርአድሬናሊን ድጋፍ ለብቻው ከተሰጠ ግን የሰፋውን ሥር ጨምሮ ስለሚያሰፋ ግፊቱ ሊወድቅ ይችላል።

ኖርአድሬናሊን ሲዘጋጅ በአምፑሉ ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበብ። አንዳንድ ፋብሪካ መጠኑን በመሠረቱ፣ ሌላው በጨዉ ይጽፋል፤ 8 ሚሊግራም ታርትሬት 4 ሚሊግራም ንጹሕ ኖርአድሬናሊን ነው። አራት ሚሊግራሙ በ500 ሚሊሊትር የ5 በመቶ ዴክስትሮስ ሲበረዝ በሚሊሊትር 8 ማይክሮግራም ይሆናል፤ በ20 ጠብታ ቱቦ 60 ኪሎግራም ለሚመዝን ሰው በደቂቃ 15 ጠብታ ማለት በኪሎግራም 0.1 ማይክሮግራም ነው። መርፌው ከእጅ አንጓ በላይ በወፍራም ሥር ይተከል፤ ቦታው በየሰዓቱ ይታይ። ቆዳው ከነጣ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ካበጠ መድኃኒቱ ከሥር ወጥቶ ሥጋውን እየገደለ ነው፤ ጠብታው ወዲያው ወደ ሌላ ሥር ይዛወር፤ የቀድሞው መርፌም ፈንቶላሚን ካለ በእርሱ በኩል ተሰጥቶ ይነቀል። ሶዲየም ባይካርቦኔት ከአራቱም ጋር በአንድ መስመር አይሰጥ፤ መድኃኒቶቹን ያበላሻቸዋል። አዳማና ከእርሷ በታች ባሉት ከተሞች ሙቀት አምፑሎቹ ከብርሃንና ከፀሐይ ተጠብቀው ይቀመጡ፤ ወደ ሐምራዊ ወይም ቡናማ የተለወጠ አድሬናሊን ኃይሉን አጥቷልና ከሣጥኑ ይውጣ።